«ተቀብያለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም
ስለ ሥራ መቀበያ ደብዳቤ የቀረበ አስተያየት



ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ፕሮፎርማ በደረሰው ጊዜ ዝም ብሎ «ተቀብያለሁ» የሚል መልስ አይሰጥም። የዕቃውን ዓይነትና ብዛት፣ ዋጋው እስከ ጅቡቲ ወደብ ወይም እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያደርስ መሆኑን፣ የሚጫንበትን ቀንና የአከፋፈሉን ሁኔታ አንድ በአንድ ያገናዝባል። የተለየ ነገር ሲያገኝ ያን ነጥብ ለይቶ ይጽፋል፤ ሻጩም እንደገና እንዲያረጋግጥለት ይጠይቃል። በሰነድ መካከል ያለ ትንሽ ልዩነት በባንክ ዘንድ ምን ያህል ችግር እንደሚያስከትል ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም።

ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ሰው በሚቀጥርበት ጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል። ግማሹን በቃል ይነጋገራል፤ ግማሹን በአጭር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ተቀጣሪውም ከደብዳቤው ግርጌ «ተስማምቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። በቃል የተባለው ነገር በደብዳቤው ውስጥ መግባቱን የሚያመሳክር ማንም የለም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እንግዲህ የሚከተለው ነው፦ ማንኛውም የንግድ ቤት ለሥራ የጠራው ሰው፣ የተስማሙበትን ነጥብና ቀጥሎ የሚደረገውን ነገር በዝርዝር ጠቅሶ በራሱ ደብዳቤ እንዲመልስለት ሊጠይቅ ይገባል፤ ይህን መልስ አንብቦ ሳያረጋግጥም ሠራተኛውን ሥራ ላይ ማሰማራት አይገባውም።

ይህን የምልበት ምክንያት በቅርብ በማውቀው ጉዳይ ይገለጻል። አንድ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ አስመጪ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፈለገ። በሌላ ድርጅት ስድስት ዓመት የሠራች፣ በመዝገብ አያያዝ የተመሰገነች አንዲት ወይዘሮ አገኘና አነጋገራት። ጥቅምት 3 ቀንም የሥራ ጥሪ ደብዳቤ ሰጣት። ደብዳቤው አራት መሥመር ብቻ ነበር። የሥራው መጠሪያ፣ «ደመወዝ በወር 18,000 ብር»፣ «ሥራ የሚጀመርበት ቀን ጥቅምት 10»፣ በመጨረሻም የሥራ አስኪያጁ ፊርማና የድርጅቱ ማኅተም። ወይዘሮዋም በማግሥቱ «ጥሪዎን በደስታ ተቀብያለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ላከች። ሁለቱም ወገን ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ያልተጻፉት ነገሮች መታየት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የቀን ነገር ነበር። ወይዘሮዋ በነበረችበት ድርጅት የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች ብዙ ዓመት ስለ ሆናት፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራዋን ለመልቀቅ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነበረባት። ጥቅምት 10 ቀን ሥራ ለመጀመር ግን የቀራት አንድ ሳምንት እንኳ አልነበረም። አዲሱ አሠሪ እንዳይከፋት ብላ ማስጠንቀቂያውን ሳትሰጥ ወጣች። የቀድሞው ድርጅትም ሕጉ ከሠላሳ ቀን ደመወዝ ሳይበልጥ የሚፈቅድለትን ካሣ ከቀሪ ክፍያዋ ላይ ቀነሰ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዋንም የተቀበለችው ከብዙ መመላለስ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የደመወዝ ነገር ነበር። በኅዳር ወር መጨረሻ፣ ሙሉ ወር በሠራችበት የመጀመሪያ ደመወዝ፣ በእጅዋ የደረሰው 12,490 ብር ሆነ። እርስዋ «18,000 ብር» የተባለው በእጅ የሚገባ መስሏት ነበር፤ በቃለ መጠይቁ ጊዜም «ስንት ይደርሰኛል?» ብላ ጠይቃ «አሥራ ስምንት ሺህ» የሚል መልስ እንዳገኘች ትናገራለች። አሠሪው ደግሞ የተናገረው ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰበትን ገንዘብ እንደ ነበር ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንድ ቃል ሁለት ሒሳብ ይዞ ተገኘ።

ነጋዴ ሒሳብ ይወዳልና ልዩነቱን በቁጥር እንመልከተው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ከ15 እስከ 30 በመቶ እየተሰላ ይሄዳል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ስለዚህ ያልተጣራ 18,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 4,250 ብር ግብር ይከፍላል። የጡረታ መዋጮው ከደመወዙ 7 በመቶ ስለ ሆነ 1,260 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሲቀነሱ 12,490 ብር ይቀራል። ወይዘሮዋ እንዳሰበችው 18,000 ብር በእጅዋ እንዲገባ ቢሆን ግን ያልተጣራው ደመወዝ 27,500 ብር መሆን ነበረበት፤ ከዚህ ላይ ግብሩ 7,575፣ ጡረታው 1,925 ብር ነውና። አሠሪው በራሱ በኩል የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲታከልበት፣ በሁለቱ አተረጓጎም መካከል ያለው ልዩነት ለድርጅቱ በየወሩ 10,545 ብር ይሆናል። «የተጣራ» ወይም «ያልተጣራ» የምትባል አንዲት ቃል ባለ መጻፏ የመጣ ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ሦስተኛው ነገር አሠሪውን ራሱን ያገኘው ነው። ክርክሩ በጠና ጊዜ «ገና በሙከራ ላይ ስለ ሆነች አሰናብታታለሁ» አለ። ሆኖም በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ የሚጸናው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግበት ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። በአራቱ መሥመር ውስጥ ስለ ሙከራ የተጻፈ ነገር አልነበረም። እንግዲህ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ለማሰናበት የሚያስችለው መብት ከመጀመሪያውም በእጁ አልነበረም። ነገሩ በሽማግሌ ተይዞ፣ ድርጅቱ የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ ተለያዩ። ወይዘሮዋ ከሁለት ሥራ ወጣች፤ ነጋዴውም የገና ገበያ በተቃረበበት ሰሞን የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዝለት ሰው አጣ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እስቲ ሕጉ ስለዚህ ነገር የሚለውን በአጭሩ እናስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል በጠቅላላው ሲደነግግ፣ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይናገራል። በቁጥር 1694 ደግሞ፣ የቀረበለትን አሳብ በማሻሻል ወይም በመለወጥ የሚመልስ ሰው ያን አሳብ እንዳልተቀበለና አዲስ አሳብ እንዳቀረበ ይቆጠራል ይላል። ይህ ሁለተኛው ለጉዳያችን ትልቅ ነገር ነው። ወይዘሮዋ «ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን የምጀምረው ኅዳር 8 ቀን ነው» ብላ ብትጽፍ ኖሮ፣ ውሉ በዚያች ደብዳቤ ብቻ አይቋቋምም ነበር፤ አሠሪው «እሺ» ማለት ነበረበት። ስለዚህ የመቀበያ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው፣ ከጥሪው የተለየ ነገር ካለበት፣ ልዩነቱን በጨዋ ቃል ከመሸፈን ይልቅ አስቀድሞ በስልክ ወይም በአካል ጨርሶት፣ ከዚያ በኋላ የተስማሙበትን ይጻፍ። አሠሪውም ያረጋግጥለት።

ጥቅምት 3 ቀን ደብዳቤው በደረሳት ጊዜ፣ ወይዘሮዋ በማግሥቱ ስልክ ደውላ ስለ ደመወዙና ስለ ቀኑ ብትጠይቅ ኖሮ ልዩነቱ በዚያው ይገለጥ ነበር። ምናልባት በመካከል ባለ ዋጋ ይስማሙ ነበር፤ ባይስማሙም ማንም ሳይጎዳ ይለያዩ ነበር። በያልተጣራ 22,000 ብር ተስማምተው ቢሆን ኖሮ፣ ጥቅምት 5 ቀን ልትጽፈው ይገባ የነበረው ደብዳቤ የሚከተለውን ይመስል ነበር።

«ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሥራ ጥሪዎን መቀበሌን ስለ ማስታወቅ

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት እንድሠራ ያቀረቡልኝን ጥሪ፣ ጥቅምት 4 ቀን በስልክ ከተስማማንበት ማስተካከያ ጋር የተቀበልሁ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ። የተስማማንባቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

1ኛ. ቅጥሩ ላልተወሰነ ጊዜ ነው። የሙከራው ጊዜ ሥራ ከምጀምርበት ቀን አንሥቶ 60 የሥራ ቀን ይሆናል።

2ኛ. ደመወዜ ያልተጣራ በወር 22,000 ብር ሆኖ፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮዬ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል፤ አሁን ባለው ሕግ በእጄ የሚደርሰኝ 14,810 ብር ነው። የሚከፈለኝም በየወሩ መጨረሻ በባንክ ሒሳቤ በኩል ነው።

3ኛ. መደበኛ የሥራ ቦታዬ መርካቶ የሚገኘው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ዕቃ ለመረከብ ወደ ቃሊቲ በምላክበት ቀን የመጓጓዣውን ወጪ ድርጅቱ ይሸፍናል።

4ኛ. እስከ 100,000 ብር ድረስ ኃላፊ የሚሆን አንድ ዋስ ሥራ ከመጀመሬ በፊት አቀርባለሁ።

5ኛ. ሥራ የምጀምረው ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

ይህ ከእርስዎ አሳብ ጋር የሚስማማ መሆኑን እስከ ሐሙስ፣ ጥቅምት 6 ቀን በጽሑፍ ቢያረጋግጡልኝ፣ ዓርብ፣ ጥቅምት 7 ቀን ለአሁኑ አሠሪዬ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎቼን፣ መታወቂያዬን፣ የግብር ከፋይ መለያና የጡረታ ቁጥሬን በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይዤ እቀርባለሁ። የሥራ ውሉም በዚያው ቀን እንዲፈረም እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር»

ይህች ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አትበልጥም። ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የተቀመጠበት ምክንያት ስላለው ጥቂቱን እናብራራ።

በመጀመሪያው ክፍል የጥሪው ደብዳቤ ቀንና የስልኩ ንግግር ቀን ተለይተው ተጠቅሰዋል። ይህ የተደረገው በኋላ «የተቀበልሽው የመጀመሪያውን ነው» ወይም «የሁለተኛውን ነው» የሚል ጭቅጭቅ እንዳይነሣ ነው። ብዙ ሰው በስልክ የተደረገውን ማስተካከያ ደብዳቤ ውስጥ ማስገባትን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ይሁንና በጽሑፍ ያልተመለሰ የስልክ ንግግር፣ ከወራት በኋላ ማስረጃ የሚሆንለት ሰው ማግኘት ይከብደዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ደመወዙ በሁለት ቁጥር ተጽፏል። የውሉ ቁጥር ያልተጣራው ነው፤ በእጅ የሚደርሰው የተጠቀሰው ሁለቱ ወገን አንድ ሒሳብ መያዛቸውን ለማወቅ ነው። «አሁን ባለው ሕግ» የሚለው ቃልም ያለ ምክንያት አልገባም። የግብር ሕግ ሲሻሻል በእጅ የሚደርሰው ገንዘብ ይለወጣል፤ ይህ ቃል ባይኖር አሠሪው ልዩነቱን እንዲሞላ ሊጠየቅ ይችላል። እንዲሁም ከደመወዝ ሌላ የመጓጓዣ ወይም የቤት አበል የሚሰጥ ከሆነ ለብቻው ይጻፍ፤ የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በመደበኛው ደመወዝ ላይ ነውና ሁለቱን መደባለቅ ሒሳቡን ያበላሻል።

ስለ ዋስ የተጻፈውን ነጋዴዎች በተለይ ልብ እንዲሉት እወዳለሁ። ገንዘብ ወይም ዕቃ ለሚይዝ ሠራተኛ ዋስ መጠየቅ በአገራችን የታወቀ ልማድ ነው። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ያልተጻፈበትን የዋስትና ውል ዋጋ አይሰጠውም። «ለሚያጠፋው ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት በመሳቢያቸው ይዘው በሰላም የሚተኙ ብዙዎች ናቸው፤ ጉድለት በተገኘ ቀን ግን ያ ወረቀት አያድናቸውም። የገንዘቡ ልክ በመቀበያ ደብዳቤው ላይ ከተጠቀሰ፣ ሠራተኛውም ምን ዓይነት ዋስ መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል፤ አሠሪውም የዋስትናውን ውል በትክክል ያዘጋጃል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የማተኩረው በመጨረሻው ክፍል፣ ማለት ቀጥሎ የሚደረገውን ነገር በቅደም ተከተል ባስቀመጠው ላይ ነው። መጀመሪያ የአሠሪው ማረጋገጫ፣ ከዚያ ለቀድሞው አሠሪ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ዋስ፣ ከዚያ ሥራ መጀመርና ውል መፈረም። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ጉዳት ይመጣል። ማረጋገጫ ሳይዝ ሥራውን የለቀቀ ሰው ከሁለት ያጣ ሊሆን ይችላል። አሠሪውም ቢሆን፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ወጥቶ የመጣለትን ሠራተኛ በደስታ ከመቀበሉ በፊት፣ ያው ሰው ነገ ከእርሱም ዘንድ እንዲሁ ሊወጣ እንደሚችል ቢያስብ መልካም ነው። ሠላሳ ቀን መታገሥ ከዚህ አንጻር ሲታይ ውድ ዋጋ አይደለም።

የመቀበያ ደብዳቤ የሥራ ውልን እንደማይተካም መታወቅ አለበት። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ባልተደረገ ጊዜ፣ አሠሪው ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ሠራተኛውም ደብዳቤው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ፣ ያ ደብዳቤ እንደ ውል ይቆጠራል። አሠሪው ይህን ባይፈጽም የሠራተኛው መብት አይቀርበትም። እንግዲህ በደንብ የተጻፈ የመቀበያ ደብዳቤ ያለው ነጋዴ ይህን ግዴታ ለመፈጸም ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው። የሥራ ቦታ፣ የሥራ ዓይነት፣ የደመወዝ ልክና አከፋፈል፣ የውሉ ዘመን ሁሉ በእጁ ስላሉ የሚቀረው በውል መልክ መጻፍና ማስፈረም ብቻ ነው። ይህ የተባለው አዋጁ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች ነው፤ የሥራ መሪዎች ከአዋጁ ውጭ ስለ ሆኑ፣ ለእነርሱ በጽሑፍ የሰፈረው ቃል ከዚህም የበለጠ ያስፈልጋቸዋል።

አንዳንድ ነጋዴዎች ሁለት ተቃውሞ እንደሚያቀርቡ ሰምቻለሁ። አንደኛው «በእኛ ንግድ ቃል ይበቃል፤ ይህን ሁሉ የሚጽፍ ሠራተኛ ከመጀመሪያው አላመነንም» የሚል ነው። ለቃል ያለኝ ክብር ከማንም አያንስም። ሆኖም ከላይ በጠቀስሁት ጉዳይ የዋሸ ሰው አልነበረም። የጠፋው እምነት ሳይሆን አንድ ዓይነት መረዳት ነው። የሚያምኑትን ሰው ቃል መጻፍ፣ ቃሉ ሳይለወጥ እንዲኖር ማድረግ እንጂ መጠርጠር አይደለም።

ሁለተኛው «ጥሩ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሠራተኛ ከየት ይገኛል?» የሚል ነው። ይህ እውነትነት ያለው ተቃውሞ ነው። የሱቅ ተላላኪ ወይም የጭነት ሠራተኛ ይህን የመሰለ ደብዳቤ እንዲጽፍ መጠበቅ አይገባም። ለእንደዚህ ያለው ሰው ጸሐፊዋ ነጥቦቹን በቃል ጠይቃ እርሱ በሚናገረው መሠረት ትጻፍለት፤ ከዚያም ተነቦለት ይፈርም። ዋናው ነገር ነጥቦቹ ከሠራተኛው አፍ መውጣታቸው ነው። አሠሪው የጻፈውን ብቻ አንብቦ የሚፈርም ሰው ምን እንደ ተረዳ አይታወቅም፤ በራሱ አነጋገር «በወር ይህን ያህል በእጄ ይደርሰኛል» ሲል ግን የተሳሳተውም ያልተሳሳተውም ወዲያው ይታያል።

በመጨረሻ የማቀርበው ምክር አጭር ነው። ከእንግዲህ ወዲህ በምትልኩት የሥራ ጥሪ ደብዳቤ ግርጌ፣ «ተስማምቻለሁ» ተብሎ በሚፈረምበት ቦታ ፈንታ፣ «የተስማማንባቸውን ነጥቦችና ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን ጠቅሰው እስከዚህ ቀን በጽሑፍ ይመልሱልን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። መልሱ በወረቀትም ይምጣ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም፣ በደረሰበት ቀን ከራሳችሁ ደብዳቤ ጎን አስቀምጣችሁ፣ ፕሮፎርማ እንደምታመሳክሩ አመሳክሩት። የሚለይ ነገር ካለ በዚያው ቀን ተነጋገሩበት፤ ከሌለም «ትክክል ነው» ብላችሁ ፈርማችሁ አንዱን ቅጂ መልሱለት፣ ሌላውን በሠራተኛው ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ያ ነጋዴ ጥቅምት 5 ቀን በዚህ ሥራ ላይ የሚያጠፋው ሩብ ሰዓት ነበር።